ንፍሮው ባሕር ሲሻገር፦ የወሎን ተረብ በሌላ ቋንቋ ለፍቅረኛ የመላክ አሠራር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ሲቪ አስተካክላለሁ፣ አልፎ አልፎም እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። የፍቅር መልእክት ዋጋ ዝርዝሬ ላይ የለም። ሰው ግን ስልኩን ይዞ ይመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺን ብቻ አሪፍ አድርገህ መልስልኝ» ይላል። አንድ የኮምቦልቻ ልጅም እንዲሁ መጣ። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው ውጭ ነው። ወላጆቿ የሐይቅ ሰዎች ናቸው፤ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ መጥታ ተዋወቁና ተመለሰች። አማርኛዋ የጓዳ አማርኛ ነው፤ «ነይ ብዪ»ን እና «በሩን ዝጊው»ን ትሰማለች፣ ፊደል ግን አትለይም። ሁለት ቀን መልስ ስላልሰጠችው ልጁ እንዲህ ብሎ ጽፎላት ነበር፦

«አንቱ! ዛሬም ጠፉ? ሞተው እንደሆነ ይንገሩኝና ንፍሮ ልቀቅል።»

እኔ ሳቅሁ፣ ሻይ ያመጣችልን ልጅም ሳቀች። ከዚያ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ ላክሁለት፣ ሒሳቤንም ተቀበልሁ። በሦስተኛው ቀን የልጅቷ እናት ለልጁ ደወሉ። እሳቸው መልእክቱ ሲነበብላቸው እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል። ልጃቸው ግን «ይሄ ልጅ ለምንድን ነው መሞቴን የሚጠብቀው? ስንዴ መቀቀሉስ ምን አመጣው?» ብላ ተቀይማለች። ያው ቤት፣ ያው መልእክት፣ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከዚያ ወዲህ ለራሴ ያወጣሁት ነው።

አንደኛ፦ የምትልኩት የትኛው እንደሆነ ለዩ

አማርኛ ለዚህ ነገር ብዙ ስም አለው፤ ስሞቹም በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። ተረብ ማለት ፊት ለፊት፣ ሁለቱም እያወቁት የሚወራወሩት ነው፤ የተተረበ ሰው ተራ አለው፣ ይመልሳል። ምፀት ተገላቢጦሽ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጥሮ አምስት ሰዓት ለደረሰ ሰው «ጎበዝ! እደግ ተመንደግ!» ስትሉት ማለት ነው። ስላቅ ያው ምፀት ሆኖ ጥርስ ያወጣ ነው። አሽሙር ደግሞ ለአንዱ እየተነገረ ሌላውን የሚወጋ ነው፤ «አንዳንድ ሰው ስልክ ማንሳት ከብዶታል» ብሎ ለሁሉም በሚታይ ቦታ እንደ መለጠፍ።

ለፍቅረኛ በሌላ ቋንቋ ከሆነ ተረብ ይሻገራል፣ በጥንቃቄ። ምፀት ግማሹ ይሻገራል፤ ሰው ሲያረፍድ «ጎበዝ» ማለት በእንግሊዝኛም አለ፣ ይገባቸዋል። ስላቅና አሽሙር ግን አትላኩ። በቋንቋው አፍ የፈታ ሰው እንኳ አሽሙርን የሚይዘው ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ማን እየሰማ እንደሆነና ከዚያ በፊት ምን እንደተባለ ስለሚያውቅ ነው። ሲሻገር ይህ ሁሉ እዚህ ይቀራል፤ እዚያ የሚደርሰው መርዙ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ሳቁ የት ቦታ እንደተቀመጠ ፈልጉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። መልእክቱን ወረቀት ላይ ጻፉትና የሚያስቀውን ነገር በጣታችሁ ንኩት። እኔ የልጁን መልእክት ስተረጉም ያልገባኝ ነገር፣ ሳቁ ያለው ቃሉ ላይ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ላይ አልነበረም፤ ሰዋስው ላይ ነበር።

«አንቱ»ን እንመልከት። በእኛ አገር አንቱ የሚባል ሰው የታወቀ ነው፤ አባት፣ አማት፣ ሼኹ፣ ቄሱ፣ ሽማግሌው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አንቱ ስትባል መቀመጫዋ ከፍ ብሎ በርጩማ ላይ ወጥታ ትታያችኋለች። ማላገጡ ከአክብሮቱ ጋር አንድ ላይ የተሰፋ ስለሆነ ልጁ «ኮራሽብኝ» ማለት ሳያስፈልገው ብሎታል። በእንግሊዝኛ ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ለአንቱም፣ ለእናንተም ያለው አንድ ቃል ነው። መሰላሉ ራሱ የለም፤ ስለዚህ ሰው መሰላል ላይ አውጥቶ ማሳቅ አይቻልም። እኔ በብልጠት «የተከበርሽ እመቤት» የሚል ነገር ጨምሬበት ነበር። ለእሷ ከባንክ የመጣ ደብዳቤ መስሏታል።

ሁለተኛው ሰዋስው ጾታ ነው። ወንዱን «የት ነሽ አንቺ?» ብሎ መጥራት፣ ሴቷን «ና እስቲ አንተ ልጅ» ማለት የተለመደ ጨዋታ ነው። ወንዱን ሲሆን ትንሽ ይነካል፣ ሴቷን ሲሆን ያቆላምጣል። ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ሁለቱም እንደ ጉም ይበናሉ፤ ይህ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ያለው የጓዳ አማርኛ ያላት ሰው በአማርኛ ሲነበብላት ነው። «የት ነህ?» የሚል መልእክት ከፍቅረኛዋ ሲደርሳት የምታስበው ለሌላ ሰው ሊልክ ሲል ተሳስቶ ወደ እሷ እንደመጣ ነው። እንዲህ ያለ ጣጣ ለማብረድ አንድ ሙሉ ከሰዓት ጽሕፈት ቤቴ ቁጭ ብለን እናውቃለን።

ሦስተኛው ትንሿ «ዬ» ናት። «ጅል» ስድብ ነው፤ «ጅልዬ» እና «የኔ ጅል» ቁልምጫ ናቸው። «አንተ ሌባ»፣ «አንቺ እርጉም»፣ «ቀበጥ»፣ «ቀጣፊ» ሁሉ በድምፅና በዚህች ቅጥያ ይለሰልሳሉ። ቅጥያዋ ስትወድቅ ስድቡ ራቁቱን ይቀራል። እንግሊዝኛ ደግሞ ቅጥያዋን የሚያስቀምጥበት ኪስ የለውም። እርግጥ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ተሳዳቢ ቁልምጫ አለው፤ ፈረንሳዮች ፍቅረኛቸውን «ቁንጫዬ» እና «ጎመኔ» ይላሉ፣ ስፔንኛ ተናጋሪዎች «ወፍራሜ» ይላሉ። እኛም «ሆዴ»፣ «ሆድዬ» እንላለን፤ ይህን ለውጭ ሰው «የኔ ጨጓራ» ብላችሁ ብትተረጉሙለት ሐኪም ቤት ይልካችኋል። ሁሉም ጋ አለ፣ ግን አንዱ የሌላውን አይቀበልም።

አራተኛው ለወሎ ልጅ በጣም የሚያሳሳው ነው፤ ግጥም። እኛ ጋ ፍቅር ያለ ሁለት ስንኝ አይላክም። አንዱ ደንበኛዬ ለሚወዳት ልጅ የጻፈው ይኸው፤ ራሱ ገጥሞት ነው፣ እኔ ምንም አልነካሁም፦

ልቤ ተቀደደ፣ ማን ጠግኖ ይስጠኝ፣
ሰፊ ናት እያለ ሰው ወዳንቺ ላከኝ።

ህብረ ቃሉ «ሰፊ» ነው። ፊን ሳናጠብቅ ስናነበው ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ልቡ ተቀዷል፣ ሰፊዋ እሷ ናት። ስናጠብቀው ግን ጎኗ የሰፋ፣ ወንበር የማይበቃት ማለት ነው። ሙገሳውና ተረቡ አንድ ቃል ውስጥ ተቃቅፈው ተኝተዋል፤ እሷ ብትቆጣ «እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ማለቴ ነው» ብሎ ያመልጣል። ይህ ሊሆን የቻለው ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማይጽፍ ነው፤ «ገና» የበዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ «አለ» መኖሩ ይሁን መናገሩ፣ በወረቀት ላይ አይታወቅም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ይህን ግጥም በቮይስ ብትልኩት ይሞታል። አንደበት ወይ ያጠብቃል ወይ ያላላል፣ ሁለቱንም ባንዴ አይልም። ስለዚህ በአማርኛም ቢሆን በጽሑፍ ላኩት። በሌላ ቋንቋ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት። በእንግሊዝኛ ልብስ የሚሰፋው ሰውና ጎኑ የሰፋው ሰው በስም አይተዋወቁም። በቅንፍ ማብራሪያ የሚጽፉለት አሉ፤ የተብራራ ቅኔ እንደ ቀዘቀዘ ቡና ነው፣ ጠጡት ቢባል ይጠጣል፣ ግን ማን ይፈልገዋል?

ሦስተኛ፦ የተጣበቀውን ተዉት፣ ሥራውን ውሰዱት

ሳቁ ሰዋስው ላይ ወይም ህብረ ቃል ላይ ከተቀመጠ አይነቀልም። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለበት «ይሄ ቃል ምን ይባላል?» ሳይሆን «ይሄ ቃል እዚህ ቁጭ ብሎ ምን እየሠራ ነበር?» የሚለው ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን ያደረግነው ይህንን ነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት ወስደን መልእክቱን ለሦስት ከፈልነው።

«አንቱ» እየሠራ የነበረው፣ ልጅቷን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ማላገጥ ነው። እንግሊዝኛ ይህን በተውላጠ ስም አይሠራውም፣ በማዕረግ ግን ይሠራዋል። ፍቅረኛን «ግርማዊት ሆይ» ብሎ መጥራት እነሱ ጋ የቆየ ቀልድ ነው። ስለዚህ «አንቱ» ወጣ፣ «ግርማዊት ሆይ» ገባ።

«ሞተው እንደሆነ ይንገሩኝና ንፍሮ ልቀቅል» የሚለው ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ማጋነን ነው፤ የሁለት ቀን ዝምታን ሞት አድርጎታል። ሁለተኛው ደግሞ የሞተ ሰው «ሞቻለሁ» ብሎ እንዲናገር መጠየቁ ነው፣ እውነተኛው ሳቅ እዚያ ነው። ንፍሮው ግን ቤተኛ ነው፤ ለቅሶ ቤት ያልተቀመጠ፣ ስንዴና ባቄላ ተቀላቅሎ በሰፌድ ሲዞር ያላየ ሰው ንፍሮ ሲባል ምንም አይታየውም። ሞትም ራሱ እኛ ጋ ለቀልድ ቅርብ ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ልሙትልህ» እያልን እንጀራ እናጎራርሳለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው ምሳ ላይ ሞቱን አይጠራም። ስለዚህ ማጋነኑን ይዘን ሞቱንና ንፍሮውን ተውናቸው። እነሱ ለጠፋ ሰው ሲያጋንኑ «ፈላጊ ቡድን ላሰማራ?» ይላሉ፤ ያንን ተዋስን።

ሦስተኛው ያልተጻፈው ነው፤ «ናፍቀሽኛል»። በአማርኛው ውስጥ ለሚያውቅ ሰው ጎልቶ ይሰማል፤ ሰው ላልናፈቀው ሰው ንፍሮ አይቀቅልም። በእንግሊዝኛው ግን ከነቃሉ መግባት ነበረበት። የተላከው መልእክት ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«ግርማዊት ሆይ፣ ለሕዝብ ከታዩ ሁለት ቀን ሆነ። ፈላጊ ቡድን ላሰማራ ወይስ እስከ እራት ይመለሳሉ? ናፍቀሽኛል።»

እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ያነሰ ቀልድ ነው። ልጁም «ይሄ የኔ አይመስልም» ብሎ አፉን አጣመመ። ግን በዚያው ሌሊት መልስ መጣ፤ ግርማዊነቷ ሥራ በዝቶባቸው እንደነበር፣ ፈላጊዎቹም ቸኮሌት ይዘው እንዲመጡ የሚያዝ።

የመጨረሻዋን ግልጽ ዐረፍተ ነገር አትዝለሏት። የእኔ ደንብ አንድ ነው፦ በሌላ ቋንቋ የተላከ ተረብ ሁሉ መጨረሻው ላይ አንድ የማያሻማ ቃል ይኑረው። ተረቡ ቢወድቅ እንኳ ሰውየው የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

አራተኛ፦ ኢላማውን ፈትሹ

ይህ አጭር ነው። ተረቡ የሚነካው ምንድን ነው? ራሳችሁን ከሆነ በየትኛውም ቋንቋ ብዙ ጊዜ ይሻገራል። «አንቺን ሳይሽ የማውቃት እንግሊዝኛ ሁሉ ወደ ቦርከና ወረደች» ብሎ የጻፈ አለ፤ ወንዟን ባታውቃትም ገብቷታል። አብራችሁ ያያችሁትን ነገር ከሆነም ይሻገራል፤ ሠርጉ ላይ ጫማዋ ተሰብሮ በባዶ እግሯ እስክስታ ከወረደች ጫማው የዘላለም ተረብ ነው፣ ትርጉም አያስፈልገውም።

ሰውነቷን ከሆነ ግን አቁሙ። እኛ ጋ እናቶች «ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» ሲሉ ምርቃት ነው፤ እዚያ ግን ሁለቱ ቃላት አብረው አይሄዱም። ሃይማኖትንም እንዲሁ። ወሎ ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ አንድ ቤት ይወለዳል፣ ይጋባል፣ በበዓል ይጠራራል። ስለዚህ በረመዳን ቀትር ላይ የማኪያቶ ፎቶ መላክ፣ በዓርብ ጾም ደግሞ ጥብስ እያሳዩ «ብይ እንጂ» ማለት በመሐላችን የቆየ መበሻሸቅ ነው። ያንን ፎቶ ይህን ኑሮ ለማያውቅ ሰው ብትልኩት የሚያነበው ንቀት ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ ፈገግታውን ከመልእክቱ ጋር ላኩት

ፊት ለፊት ስንተራረብ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ቅንድብና ድምፅ ነው። በጽሑፍ እነዚህ የሉም፤ ላኪው ግን በጭንቅላቱ ውስጥ ድምፁን እየሰማ ስለሚጽፍ መጉደላቸው አይታወቀውም። ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ምፀትና ቁም ነገር ቀላቅለው እንዲልኩ አደረጉ። ላኪዎቹ ከመቶ 78ቱ ያህል በትክክል ይታወቅልናል ብለው ገመቱ። በድምፅ የሰሙት 73 ያህሉን ለዩ፤ በኢሜይል ያነበቡት 56 ብቻ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰው 50 ያገኛል። ልብ በሉ፣ ይህ አንድ ቋንቋ በሚናገሩ ሰዎች መካከል ነው።

ስለዚህ ከግጥሙ በቀር ተረብ በቮይስ ይሻላል። ቴሌግራምም ኢሞም ላይ አሥር ሰከንድ ይበቃል። ቋንቋው ባይገባት እንኳ ሳቃችሁ ይገባታል። በጽሑፍ ከሆነ ኢሞጂ አንድ በቂ ነው፤ አምስት የሚያለቅስ ሳቅ መደርደር የቀልዱን ድክመት ያጋልጣል። የሚስቀው ፊትም ሁሉም ጋ አንድ አይደለም፤ ጥርሱን የሚያሳየውን አንዱ ፈገግታ ነው ይላል፣ ሌላው ሹፈት።

አንድ የሚያኮራ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር። አማርኛ ለዚህ የራሱ ምልክት አለው፤ ትእምርተ ስላቅ ይባላል። የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ሆኖ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ «እንዴት ያለ ታማኝ ሰው ነህ¡» እንደ ማለት። በብዙ ስልክ የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ! የሚለውን ጣት ሳያነሱ ተጭኖ በመቆየት ይገኛል። በአማርኛ ለምትጽፉለት ሰው አንዴ አስረዱትና ተጠቀሙበት፤ የሁለታችሁ ምስጢር ይሆናል። ለስፔንኛ ተናጋሪ ግን አትላኩ፤ እነሱ ጋ ይኸው ምልክት የአጋኖ ዐረፍተ ነገር መክፈቻ ስለሆነ ተገልብጦ መጨረሻ ላይ ሲመጣ የትየባ ስሕተት ይመስላቸዋል።

ስድስተኛ፦ የእሷን ተረብ በእሷ ቋንቋ አንብቡ

መንገዱ ሁለት አቅጣጫ አለው። ያው የኮምቦልቻ ልጅ አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ሄዶ፣ ተጠብሶ እየጨሰ ያለ ዓሣ ከሐይቁ ዳር ፎቶ አንስቶ ላከላት። መልሷ በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ነበር፤ ሲተረጎም «እጠላሃለሁ» ነው። ልጁ ዓሣውን ሳይጨርስ ተነሣ። ሰኞ ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ መጣ። እነሱ ጋ ያ ቃል በእንዲህ ያለ ቦታ «ምነው እኔም እዚያ በሆንሁ» ማለት ነው፤ እኛ «አንተ እርጉም፣ ቅናት ገደለኝ» የምንለው። በሚያስደንቅ ወሬ ላይ የሚሉት «ዝም በል!»ም እንዲሁ «አትለኝም!» ማለት ነው፣ ሰውን ዝም ማስባል አይደለም።

እንዴት ይታወቃል? ከፊቱ ያለውን እዩ። ጥላቻው የመጣው ጥሩ ነገር ካሳያችሁ በኋላ ከሆነ ቅናት ነው። አጭርና ባዶ ሆኖ፣ ከክርክር በኋላ ከመጣ ቁም ነገር ነው። ካልለየላችሁ የጠየቀ ሰው አይከስርም፤ «ይሄ የቀልድ ነው የእውነት?» ማለት አንድ ደቂቃ ነው፣ ልጁ ያኔ ያጣው ግን ሁለት ቀንና አንድ ዓሣ ነው።

ስለ ዐረብ አገር አንድ ቃል

ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሰው ያላቸው ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ቤሩት ነው። ወደ ዐረብኛ ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ዐረብኛ አንተና አንቺን ይለያል፣ ስለዚህ የጾታው ጨዋታ ቢያንስ መቀመጫ አለው። ሞትም እንደ እንግሊዝኛው አያስደነግጥም። ሊባኖስና ሶርያ «ቱእቡርኒ» የሚሉት ቁልምጫ «አንተ ቅበረኝ» ማለት ነው፣ ያላንተ ከምኖር ልቅደም እንደ ማለት። «አፈር ስሆን»ን ለቤሩት ሰው ማስረዳት ለለንደን ሰው ከማስረዳት ይቀላል።

ወጥመዱ ያለው የምናውቃቸው በሚመስሉን ቃላት ላይ ነው። እኛ በወሎ «አብሽር» ስንል «አይዞህ» ነው። ሳዑዲ ላይ «አብሽር» የሚለው «እሺ፣ ይደረግልሃል» የሚል ነው። አንዲት ልጅ ለሳዑዲው ወዳጇ «ገንዘብ አልቆብኛል» ሲላት ለማጽናናት «አብሽር» ብላ ጻፈችለት። ሰውየው ብሩን መጠበቅ ጀመረ።

ሲበላሽ

ተረቡ እንደወደቀ የሚታወቀው በቁጣ አይደለም። የተቆጣ ሰው ገብቶታል። የወደቀው ሰው ጨዋ ሲሆን ነው፤ ሁልጊዜ ሦስት መስመር የምትጽፈው «እሺ» ብላ ስትቆም፣ ወይም ቀልዳችሁን ትታ ጥያቄውን ብቻ ስትመልስ። ያን ጊዜ ሁለተኛ ቀልድ አትጨምሩ። «ቀልድ አይገባሽም እንዴ» ደግሞ ጨርሶ አትበሉ፤ እሱ ሦስተኛ ስድብ ነው። የሚሠራው ይህ ነው፦ ቀልዱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሯት፣ ከአገራችሁ ምን እንደሆነ፣ ምን ልትሉ ፈልጋችሁ እንደነበር፣ ከዚያ ይቅርታ። ልጁ ለንፍሮው እንዲህ አለ፦ «እኛ ጋ ሰው ሲሞት ጎረቤት እህል ይቀቅላል። ሁለት ቀን ዝም ስትዪኝ የሞትሽ ያህል ከበደኝ ማለቴ ነበር። አስደንግጬሽ ከሆነ ይቅርታ።» የፈለገችው ይቺን ብቻ ነበር። የሚቀቀለውን እህል ዓይነት ሁሉ ጠየቀችው፣ በጨው ይሁን አይሁን፣ የማን ቤት እንደሚቀቀል።

እኔም ያኔ የተቀበልሁትን ሒሳብ ልመልስለት ብል አልቀበልም አለ።

ባለፈው ሳምንት ስልኩን ይዞ እየሳቀ መጣ። አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ጀምራለች፤ አንድ ቀን ሙሉ መልስ ሳይሰጣት ቀርቶ የላከችው መልእክት ነበር። «አንቱ የት ነሽ? ንፍሮ በላሁ» ይላል። አንቱው ከነሽ ጋር አይገጥምም፣ ነሽ ደግሞ ለወንድ አይሆንም፣ ንፍሮውንም ሳይቀበር በልታበታለች። «ላርማት ወይስ ልተዋት?» አለኝ። ለእናቷ ላከው አልሁት።